ትረካው ይጠር፣ ቁጥሩ ግን ይኑር፦ ስለ ዓመታዊ ሪፖርት ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ ዕረፍት የለውም። በጅማና በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች የግብረ ሰናይ ድርጅት ሰዎች ሪፖርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም የሚሉት ያው ነው፤ «አሳጥሪልን፣ ግን ምንም እንዳይቀር።» እንጀራዬ የእነዚህን ሪፖርቶች ትረካ ማረም ስለሆነ ዘንድሮ ጥያቄውን ለሁሉም ክፍት አደረግሁት። ምሳሌ ላይ የምጠቀማቸው ቁጥሮች የፈጠራ ናቸው።

«ሪፖርታችን 46 ገጽ ነው። ለጋሹ 25 ይበቃል አለን። የቱን ገጽ ልቁረጥ?» (የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ማና)

ገና ምንም አትቁረጪ። መጀመሪያ ኤክሴል ክፈቺና ሪፖርቱ የሚለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አውጪ። አንድ ረድፍ፣ አንድ አባባል። ምን ተባለ? ስንት? ማንን ነው የቆጠርነው? የት? ከመቼ እስከ መቼ? በስተመጨረሻ ደግሞ የገጽ ቁጥር። ይሄኛውን እንዳትዘዪው። አንድ አባባል ድጋሚ ሲመጣ አዲስ ረድፍ አትክፈቺ፤ እዚያው ረድፍ ላይ ገጹን ብቻ ጨምሪ።

ስትጨርሺ ድግግሞሹ ራሱ ይታይሻል። አንዳንዱ ረድፍ ፊት 3፣ 7፣ 19፣ 31፣ 44 የሚሉ ገጾች ተደርድረው ታገኛለሽ። ከእነሱ አንዱን ቤቱ አድርጊው። አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሥራው የሚተረክበት ምዕራፍ ነው። ማጠቃለያው ላይ አንዴ ቢጠራ ችግር የለውም፤ ለጋሹ ጊዜ ካጠረው የሚያነበው እሱን ነው። ከዳይሬክተሩ መልእክት፣ ከመግቢያው፣ ከምዕራፍ መዝጊያውና ከመደምደሚያው ግን ይውጣ። እኔ እጅ የገቡ ሪፖርቶች በብዛት የሚያጥሩት እዚህ ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል ገና ሳይጀመር።

ቁጥር የሌላቸው አባባሎችም ይመዝገቡ። «በወረዳው የመጀመሪያው»፣ «ሁሉም ቀበሌዎች»፣ «ያለ ውጭ ድጋፍ» የሚሉት እንደ ቁጥር ይቆጠራሉ። ስትቆርጪ ቶሎ የሚያመልጡሽም እነሱ ናቸው።

«ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ? ቁጥሩን በ Ctrl+F ፈልጎ ሁለተኛውን መሰረዝ አይበቃም?» (የክትትልና ግምገማ ባለሙያ)

ግማሹ ልክ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። እንዲያውም ወርድ ላይ በመፈለጊያው ሳጥን `^#` ብትጽፍ ማንኛውንም አሃዝ ያገኝልሃል። ዝርዝሩን ስታዘጋጅ ይጠቅምሃል።

ለመሰረዝ ግን አትመነው። «ግማሽ ያህሉ»፣ «ሦስት መቶ አባወራ»፣ «እጥፍ ሆኗል» የሚሉትን አያይም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተመሳሳይ ቁጥር ሁሉ ድግግሞሽ አለመሆኑ ነው። ገጽ 12 ላይ «240 ሴቶች ሠለጠኑ»፣ ገጽ 30 ላይ «240 እናቶች ሠለጠኑ» ይላል እንበል። ሴት ሁሉ እናት አይደለችም። ወይ አንዱ ስሕተት ነው፣ ወይ ሁለት የተለያዩ ሥልጠናዎች ናቸው። የሠልጣኞች ፊርማ የሰፈረበትን የመገኛ ቅጽ ሳታይ አንዱን ብትሰርዝ ለጋሹ ከመጠየቁ በፊት ማስረጃውን አጠፋህ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ተለያይተው ሲመጡም ሁሌ ግጭት ነው ማለት አይደለም። ዳይሬክተሩ «ከ200 በላይ» ሲል ምዕራፉ 240 ካለ አይጋጩም፤ 240ውን ይዘህ የዳይሬክተሩን አውጣ።

«አንድ አንቀጽ ልላክልዎትና በምሳሌ ያሳዩን። እኔ አሳጥሬዋለሁ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።» (ሪፖርት ጸሐፊ፣ አጋሮ)

የላክሽው እንዲህ ይላል፦

«በበጀት ዓመቱ ድርጅታችን ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት የሴቶችን ኢኮኖሚያዊ አቅም ከማጎልበት አኳያ ሰፊ ርብርብ አድርጓል። በዚህም መሠረት በ6 ቀበሌዎች ለሚገኙ 240 ለሚሆኑ ሴቶች በአነስተኛ ንግድ ዙሪያ የ3 ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና እንዲሰጥ ተደርጓል። ሥልጠናው ከወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የተሰጠ ሲሆን፣ ከሠልጣኞቹ መካከል 198ቱ በራስ አገዝ ቡድን ተደራጅተው ቁጠባ እንዲጀምሩ የማድረግ ሥራ ተሠርቷል። ይህም የሴቶችን ኢኮኖሚያዊ አቅም በማጎልበት ረገድ አመርቂ ውጤት የተመዘገበበት ነው።»

ያሳጠርሽው ደግሞ ይሄ ነው፦

«በ6 ቀበሌዎች 240 ሴቶች በአነስተኛ ንግድ ሠልጥነዋል። 198ቱ በራስ አገዝ ቡድን ተደራጅተው ቁጠባ ጀምረዋል።»

ንባቡ ያምራል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማውጣትሽም ትክክል ነው፤ ሁለቱም ማንንም፣ የትንም፣ ስንትንም አይናገሩም። «አመርቂ» የተባለው ከዕቅድ ጋር ተነጻጽሮ ከሆነ ግን ዕቅዱን ፈልጊና አመርቂ የሚለውን በእሱ ተኪው።

በጉልህ የጎደሉት ሁለት ናቸው፤ ሦስት ቀን መሆኑና የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች መሳተፋቸው። ሦስተኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል። «240 የሚሆኑ» ያለው «240» ሆነ። ቅጹ ላይ ልክ 240 ፊርማ ካለ ጥሩ አደረግሽ። ካላየሽው በ«የሚሆኑ» ፈንታ «ያህል» የምትል ቃል ትግባ፤ እሷ ማጣፈጫ አይደለችም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን «ቁጠባ ጀምረዋል» ያልሽው ነው። ዋናው ጽሑፍ ጀመሩ አይልም፤ እንዲጀምሩ የማድረግ ሥራ ተሠራ ነው የሚለው። ምናልባት ደብተር ታድሎ፣ ስብሰባ ተደርጎ፣ እስከ ሰኔ 30 አንድም ብር ያልገባ ቡድን ይኖራል። የሪፖርት አማርኛችን በ«ተደርጓል»ና በ«የማስቻል ሥራ ተሠርቷል» የተሞላው አንዳንዴ በልማድ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ውጤቱ ስላልታየ ነው። ከውጭ አይለይም። ስለዚህ ከማሳጠርሽ በፊት ለመስክ ሠራተኛው ደውይ። የቡድኖቹ የቁጠባ መዝገብ ላይ ገንዘብ ካለ «ጀምረዋል» በይ። ከሌለ እንዲህ ይሁን፦

«በ6 ቀበሌዎች 240 ያህል ሴቶች በአነስተኛ ንግድ የ3 ቀን ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናውን የሰጠነው ከወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ጋር ነው። ከሠልጣኞቹ 198ቱን ቁጠባ እንዲጀምሩ በራስ አገዝ ቡድን አደራጅተናል።»

አሁንም ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ነው።

«እኛ ጋ ዘንድሮ የሠራተኛ ደመወዝና ነዳጅ በዝቷል። የቱን ብንቀንስ ይሻላል?» (የሒሳብ ሠራተኛ)

ወንድሜ፣ እዚህ የምንቀንሰው ቃል ነው እንጂ ወጪ አይደለም። እሱን ከቦርዳችሁ ጋር ጨርሱት። ግን እንኳን መጣህ፤ አንድ ሥራ አለህ። ትረካው ውስጥ ያለ የብር መጠን ሁሉ ኦዲት ከተደረገው ሒሳብ ጋር መግጠሙን ካንተ በላይ የሚያይ የለም። ምዕራፉ ላይ 2,387,450 ብር ካለ ማጠቃለያው ላይ «2.4 ሚሊዮን ብር ገደማ» ማለት ይቻላል። ሙሉውን ቁጥር ሰርዞ የተጠጋጋውን ማስቀረት ግን አይቻልም።

«‹ከባለድርሻ አካላት ጋር› የሚለውን ሁሉ ካወጣሽው ወረዳው ይቀየመናል። ሪፖርቱ እኮ እነሱም ጋ ይገባል።» (አንድ የቦርድ አባል)

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን «ባለድርሻ አካላት» ሲባል የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስሙን አያገኝም። «የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የቡና ችግኝ ማፍያ መሬት ሰጠን» ብንል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጻፍም ያስደስተዋል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሐረጉ የመጣበትን ቦታ ሁሉ እያነሳሁ «ማን? ምን አደረገ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው ስሙና ሥራው ይገባል። መልስ ከሌለው ይወጣል። በፊደል ተራ የተጻፈ የምስጋና ገጽ መጨረሻ ላይ ቢኖር አልቃወምም፤ አሥራ አምስት ቦታ ከመበተን ይሻላል።

«ለመንግሥት በኢትዮጵያ በጀት ዓመት፣ ለለጋሹ በጃንዋሪ ነው የምንዘግበው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሰነድ ውስጥ ገብተዋል። አንዱ ይውጣ?» (ከጅማ ከተማ)

አይውጣ። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የተቆጠረውና ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የተቆጠረው የሚደራረቡት በከፊል ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መደመርም አይቻልም። የጊዜ ወሰናቸው አጠገባቸው ይጻፍ። በዚያውም «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉትን ቦታ ይይዛሉ ብላችሁ እንዳታወጡ። 2016 ብቻውን ሲቆም የትኛው 2016 እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

«ከተቆረጠ በኋላ ምንም እንዳልጠፋ በምን አውቃለሁ?» (ሊሙ ኮሳ)

ያልቆረጠው ሰው ይፈትሽ። ዝርዝሩን ስጪውና እያንዳንዱን ረድፍ አዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ፈልጎ አዲሱን ገጽ ይጻፍበት። ባዶ የቀረ ረድፍ ካለ አባባሉ ጠፍቷል።

ከዚያ በተቃራኒው ይሂድ። አዲሱን ጽሑፍ እያነበበ ዝርዝሩ ላይ የሌለ አባባል ይፈልግ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ስታጋጥሚ ያልነበረ ምክንያት ይወለዳል። «120 አርሶ አደሮች ሠለጠኑ። የቀይ ቡና ለቀማ ጨመረ» የሚሉት ሁለት ወሬዎች ናቸው። «120 አርሶ አደሮች በመሠልጠናቸው የቀይ ቡና ለቀማ ጨመረ» ካልሽ ግን ሥልጠናው አመጣው አልሽ። ዋጋው ተወዶስ ቢሆን? «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ»፣ «በዚህ የተነሳ» የሚሉትን አዲሱ ላይ ፈልጊያቸው። ከዋናው ካልመጡ ነጥብ አድርገሽ ለያቸው።

«ስለ አንዲት እናት የጻፍነው የስኬት ታሪክ ሦስት ቦታ አለ። እኔ አንዱ ይበቃል እላለሁ፣ ዳይሬክተራችን ግን ‹ሰው የሚያስታውሰው እሷን ነው› ይላሉ።» (የኮሙኒኬሽን ባለሙያ)

እዚህ ላይ ከዳይሬክተርሽ ጋር ብዙም አልጣላም። ሦስቱን አስተያይቻቸዋለሁ። ሁለቱ ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ አንዱ ይውጣ። ሦስተኛው ላይ ግን ብድሩን በስንት ወር እንደመለሰች ተጽፏል፣ ሌላ ቦታ የለም። እሱን ወደሚቀረው አዛውሪው። ማጠቃለያው ላይ በአንድ መስመር ትጠራ ወይስ አትጠራ የሚለውን እናንተው ተነጋገሩበት። እኔ ብሆን አልጠራትም፤ አብራኝ የምትሠራው አራሚ ግን ትጠራለች።