የገጾቹ አድራሻ ከተቀየረ በኋላ የተሰበሩ ሊንኮችን ማግኘትና መጠገን

«ጤና ይስጥልኝ። በዎርድፕረስ የተሠራ፣ ወደ 60 ገጽ ያለው የቤት ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ አለን። ባለፈው ወር አድራሻዎቹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቀየርናቸው። አሁን ደንበኞች ሲጫኑ ‹ገጹ አልተገኘም› ይላቸዋል። የሚገርመኝ የዜና ጽሑፎቹ ይከፈታሉ፤ የዋጋና የአድራሻ ገጾቹ ግን እምቢ ይላሉ። አንድ በአንድ ሳልጫን የተሰበሩትን እንዴት ልወቅ?»

ጤና ይስጥልኝ። ልዩነቱ ከዎርድፕረስ አሠራር የመጣ ነው። የአንድ ጽሑፍ (ፖስት) አድራሻ ሲቀየር ዎርድፕረስ የድሮውን አድራሻ ያስታውስና ጎብኚውን ራሱ ወደ አዲሱ ይልከዋል። እንደ ዋጋ ዝርዝርና አድራሻ ላሉት ቋሚ ገጾች ግን ይህን አያደርግም። ስለዚህ ሥራዎ በዋናነት በገጾቹ ላይ ነው።

ለፍለጋው Screaming Frog SEO Spider የተባለውን ክሮለር፣ ማለትም ሊንኮችን እየተከተለ የድረ ገጹን አድራሻዎች የሚፈትሽ ፕሮግራም፣ በኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑ። ነፃው 500 አድራሻ ድረስ ይፈትሻል። ምስሎችና ሌሎች ፋይሎችም ስለሚቆጠሩ 60 ገጽ ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ቁጥሩ 500 ላይ ከቆመ ያልታየ ገጽ አለ ማለት ነው። የድረ ገጹን አድራሻ ከላይ ጽፈው Start ይበሉ። ሲጨርስ Response Codes ውስጥ ገብተው Client Error (4xx) የሚለውን ይምረጡ። እዚያ የሚዘረዘሩት የተሰበሩት አድራሻዎች ናቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይደናገራል። የሚጠገነው የጠፋው ገጽ ሳይሆን ወደ እሱ የሚጠቁመው ሊንክ ያለበት ቦታ ነውና። አንዱን አድራሻ ተጭነው ከታች Inlinks የሚለውን ሲከፍቱ ሊንኩ የተቀመጠባቸውን ገጾችና የተጻፈበትን ቃል ያያሉ። ይህን ወደ ኤክሴል አውጥተው በአራት ዓምድ ይያዙት፦ የተሰበረው አድራሻ፣ ያለበት ገጽ፣ ክሮለሩ ለአድራሻው ያሳየው የስህተት ቁጥር፣ የወሰኑት እርምጃ። ከዚያ በተሰበረው አድራሻ ቅደም ተከተል ያስተካክሉት።

እንበልና 131 ረድፍ ወጣ። ሲደረደር 60ው ረድፍ ወደ /price/፣ 60ው ደግሞ ወደ /contact/ የሚጠቁም ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ። እነዚህ በየገጹ የሚደገሙት የሜኑና የግርጌ ሊንኮች ናቸው፤ ሁለት ቦታ ሲነካ 120 ረድፍ ይጠፋል። ሜኑውን ሲከፍቱ Custom Link የሚል ምልክት ያለበትን ይፈልጉ። አድራሻው በእጅ የተጻፈ ስለሆነ ገጹ ሲቀየር አብሮ አይቀየርም። እሱን ያጥፉትና ገጹን ከ Pages ዝርዝር ውስጥ መርጠው መልሰው ያስገቡት፤ ከዚያ በኋላ አድራሻው ቢቀየር ሜኑው ራሱ ይከተላል። የቀሩት 11 ረድፎች በጽሑፍ መሐል ያሉ ስለሚሆኑ አንድ በአንድ ገብተው ያርሙ።

በሚያርሙበት ጊዜ አዲሱን አድራሻ ከርዕሱ ላይ ገምተው አይጻፉ። ዎርድፕረስ የአድራሻውን ስም 200 ቁምፊ ላይ ይቆርጠዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሲቀመጥ 9 ቁምፊ ይወስዳል። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ ርዕስ ሃያ ምናምን ፊደል ላይ ይቋረጣል፤ ሙሉውን ርዕስ አድራሻ አድርጎ የጻፈ ሰው የሌለ ገጽ ይጠቁማል። ገጹን በብራውዘር ከፍተው ከላይ ካለው መስመር ይቅዱ። ለወደፊቱ አጭር ስም ቢሰጡ፣ ለምሳሌ «የወንበር-ዋጋ»፣ በቴሌግራም ሲላክም ብዙ አይረዝምም።

ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ የተሰበረ አይደለም። ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ 403፣ 429 ወይም ሊንክድኢን ላይ እንደሚታየው 999 ካሳየ፣ ብዙውን ጊዜ ያ ድረ ገጽ ክሮለሩን ስለከለከለ ነው። በብራውዘር ከተከፈተ ይተዉት። የሚጠገነው ገጹ እንደሌለ የሚናገረው 404 እና 410 ነው።

ደንበኛ ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ወይም ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን የድሮ ሊንክ ግን ከውስጥ ማረም አይቻልም። ለዚህ Redirection የተባለውን ፕለጊን ጭነው Tools ውስጥ ይክፈቱትና Source URL ላይ /price/፣ Target URL ላይ የቀዱትን አዲስ አድራሻ ያስገቡ። ይህ የድሮውን አድራሻ የከፈተውን ሰው በቋሚነት ወደ አዲሱ የሚልክ የ301 ሪዳይሬክት ይሆናል። የጠፋውን ሁሉ ወደ መነሻ ገጽ መላክ ይቀላል፤ ነገር ግን ዋጋ የፈለገ ሰው መነሻ ገጽ ላይ ሲወድቅ ዋጋውን አያገኝም፣ ጉግልም እንዲህ ያለውን እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል። ምትክ የሌለው ገጽ 404 ሆኖ ይቆይ።

ሪዳይሬክቱ መሥራቱን በተርሚናል ይፈትሹ፤ example.com የሚለውን በራስዎ ድረ ገጽ አድራሻ ይተኩት፦

```
curl -sIL https://example.com/price/
```

መጀመሪያ 301፣ ከዚያ ገጹ መከፈቱን የሚያሳየው 200 መታየት አለበት። ሁለት ሦስት 301 ከተከታተሉ መሐል ላይ ያለውን ዘለው የመጀመሪያውን በቀጥታ ወደ መጨረሻው አድራሻ ያገናኙት።

ከዚህ በኋላ ክሮለሩን እንደገና ያስኪዱ። ክሮለር ሊንክ ተከትሎ ስለሚሄድ ማንም የማይጠቁመውን ገጽ አያየውም፤ ስለዚህ የጉግል Search Console ውስጥ Pages ገብተው Not found (404) የሚለውን ዝርዝርም ይመልከቱ። ያልገመቷቸው የድሮ አድራሻዎች የሚወጡት እዚያ ነው። ሪዳይሬክቶቹን ቢያንስ አንድ ዓመት አያጥፏቸው።