የስቶር መዝገብ ማታ ሲዘጋ

«ጂ+4 ሳይት ላይ ስቶር ኪፐር ሆኜ ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው። ዕቃ ሳወጣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ። ቆጠራ ሲደረግ ግን አካፋም ግራይንደርም ይጎድላል። ፎርማኑ ደግሞ "የምትጠየቂው አንቺ ነሽ" ይለኛል። መዝገቡን እንዴት ብይዘው ይሻላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የትናንቱን ገጽ ግለጪና እይው። «ግራይንደር 1፣ አካፋ 6» ብቻ ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። የትኛው ግራይንደር? እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ሦስት ግራይንደር ነበረን፤ አንዱ አዲስ፣ ሁለቱ ያገለገሉ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀለምና ስሪት። ጠዋት አዲሱን ለአንድ ፌሮ ሠራተኛ አወጣሁ፣ ማታ «ግራይንደር 1 ተመለሰ» ብዬ ፈረምኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ስፈትሽ መደርደሪያው ላይ ሦስት ግራይንደር አለ፤ አንዱ ግን ሞተሩ የተቃጠለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሌላ ሰው ዕቃ ነው። ቁጥሩ ሞልቷል፣ አዲሱ ሄዷል። መዝገቤ ስለተቀየረው ዕቃ ምንም ስለማይናገር ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም። ዋጋው ከእኔ ላይ ተቆረጠ።

ስለዚህ ተመልሶ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ግራይንደር ግ-01፣ ግ-02 እያልሽ። በቀለም አትጻፊ፣ ሲሚንቶና እጅ በሳምንት ያጠፋዋል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሚስማር በእሳት አግለሽ ፕላስቲኩ እጀታ ላይ ጻፊበት፤ ፋብሪካው የለጠፈበትን ሴሪያል ቁጥርም ሳይፋቅ ደብተር ላይ ገልብጪው። አካፋና ዶማ ላይ ደግሞ እንጨቱን ተዪው፣ እጀታ ይሰበራል፣ ይቀየራል። ብየዳ ሠራተኛውን ለምነሽ ብረቱ አንገት ላይ የሳይቱን ምልክት በብየዳ ነጥብ አስደርጊ። ለአካፋ የተናጠል ቁጥር አያስፈልግም፣ የእናንተ መሆኑ ከታወቀ ይበቃል።

ከዚያ መዝገቡ። የእኔ አንድ መስመር እንዲህ ይነበባል፦ «ግ-03፣ ለፌሮ ጋንግ፣ 3ኛ ፎቅ፣ ጠዋት 2:10 ወጣ፣ ጋርድ አለው፣ ገመዱ ደህና፣ ፊርማ። 10:50 ተመለሰ፣ ጋርድ አለው፣ ገመዱ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ የእኔ ፊርማ።» መውጫውም መመለሻውም አንድ መስመር ላይ ነው። ለመመለሻ ሌላ ገጽ ከያዝሽ ያልተመለሰውን ለማወቅ ሁለት ገጽ ማመሳከር ሊኖርብሽ ነው፣ ማታ ደክሞሽ ደግሞ አታመሳክሪውም። በአንድ መስመር ከሆነ ግን ባዶ የቀረው ቦታ ራሱ ይታይሻል።

ዲስክ፣ ሚስማር፣ ማሰሪያ ሽቦ እዚህ ደብተር ውስጥ አይግቡ። አልቀው የሚቀሩ ናቸው፣ በወጪ ማዘዣ ብቻ ይውጡ። የግራይንደር ዲስክ ላይ ግን አጥብቂ፤ ያለቀውን ቁራጭ ሳትቀበይ አዲስ አትስጪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዕቃ የሚጠፋው ሲወጣ አይደለም፣ እጅ ለእጅ ሲተላለፍ ነው። ፌሮው ወስዶ ለአናጢው ያውሰዋል፣ አናጢው ለብየዳ ሠራተኛው፣ ማታ ስትጠይቂ «ለእገሌ ሰጥቼዋለሁ» ይባላል። ስለዚህ የፈረመው ሰው መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ ባለዕቃው እሱ ነው፤ ይህን ፎርማኑ ራሱ ለሁሉም በአንድ ጠዋት ይናገርልሽ፣ ከአንቺ አፍ ብቻ ከሰሙት አይሠራም። በአንድ ጋንግ ውስጥ ቢዋዋሱ ተያቸው፣ ካቦው ያውቃል። ወደ ሌላ ጋንግ ከሄደ ግን ሁለቱም መስኮትሽ ጋ መጥተው የመጀመሪያው መስመር ይዘጋ፣ አዲስ ይከፈት። ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ መምጣት ያሰለቻል፣ ይነጫነጫሉ። አንድ ሁለት ጊዜ የወሰደው ሰው ሲጠየቅ ካዩ ግን ይወርዳሉ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አርባ ሰው ሲሰለፍ ይህን ሁሉ መጻፍ አይቻልም፤ አካፋን በነፍስ ወከፍ አትስጪ። ለካቦው በቁጥር ስጪና እሱ ይፈርም፣ ከሰዎቹ የሚሰበስበው እሱ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ካለ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ቁጥር ያለው ታርጋ አዘጋጂለት፤ ዕቃ ሲወስድ ታርጋው ዕቃው በነበረበት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል፣ ሲመልስ ይውሰደው። ማታ ግድግዳውን ስታዪ የማን ታርጋ እንደቀረ ይነግርሻል።

የመመለሻ ሰዓትሽ ሥራው ከሚያልቅበት ግማሽ ሰዓት ይቅደም። በ11 የሚለቁ ከሆነ 10:30 ላይ መቀበል ጀምሪ፤ ያለዚያ ሁሉም እየሮጠ መጥቶ ዕቃውን በር ላይ ጥሎልሽ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳይሞከር አይገባም። ግራይንደሩን ሶኬት ላይ ሰኪው፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ተጫኚው፣ ድምፁን ስሚ፣ የማቃጠል ሽታ ካለ ያመጣው ሰው እፊትሽ ቆሞ እያለ ጻፊው። ከሄደ በኋላ ያየሽው ብልሽት ያንቺ ነው።

ከባዱ የሙሌት ቀን ነው። የአንድ ቀን ሠራተኞች ይመጣሉ፣ ስማቸውን እንኳ አታውቂም፣ ሥራው ይመሻል፣ ሁሉም ለመሄድ ይቸኩላል። አንድ ጊዜ ለስላብ ሙሌት 24 አካፋ አውጥቼ ማታ 19 ገባ። በማግስቱ ሦስቱ ፎርምወርክ ሥር ተጥለው ተገኙ፣ ሲሚንቶ ደርቆባቸዋል፤ ሁለቱ ጨርሶ ጠፉ። ከዚያ ወዲህ የሙሌት ቀን ካቦው ቆጥሮ ካላስረከበ የጋንጉ ሂሳብ እንዳይወጣ ከሳይት ኢንጂነሩ ጋር ተስማማሁ፣ ቫይብሬተርና ጋሪም ታጥበው ነው የሚገቡት። ክፍያው ለዚያ ምሽት ይዘገያል እንጂ አይቆረጥም፤ ልዩነቱን ያዢው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ወይም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይኖር ደሞዝ መቁረጥ አይቻልም፤ ቢቆረጥም ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ፎርማኑ በቃል «ቁረጪበት» ቢልሽ እንኳ በፊርማሽ አትግቢበት።

በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሂሳብ ሥሪ፦ ስቶር ያለው፣ በሠራተኛ እጅ ያለውና ጥገና የሄደው ተደምሮ ከጠቅላላው ጋር እኩል መሆን አለበት። አካፋ 30 ካለሽ፣ 17 ስቶር፣ 11 ክፍት መስመር ላይ፣ 2 እጀታ ሊቀየርላቸው ሄደዋል፤ ይገጥማል። አብዛኛው ሰው የሚስተው ጥገናውን ነው። ዕቃው ለጥገና ሲወጣም መስመር ይኑረው፣ የወሰደው ሹፌርም ቢሆን ይፈርም።

አንድ ነገር ቀረኝ። አናጢና ግንበኛ የራሱን መዶሻ፣ መጋዝ፣ ውሃ ልክና ቱንቢ ይዞ ይመጣል። ሲገባ በር ላይ ዘበኛው በደብተር ይመዝግበው፣ ሲወጣም በዚያው ይለፍ። ይህ ካልተደረገ የሳይቱ መዶሻ «የራሴ ነው» ተብሎ ይወጣል፣ ወይም የምስኪኑ የራሱ ዕቃ በር ላይ ተይዞ ይቀርበታል፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። ያለሽ ደብተር ምን ዓይነት ዓምድ እንዳለው ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን፣ አይቼ የሚስተካከለውን እነግርሻለሁ።