ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ለምን የካርድህ አልሆነም?

ጥያቄ፦ ካርዴን ስልኬ ላይ ጭኜ ሱቅ ውስጥ ማሽኑ ላይ አስጠግቼ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ ያሉት የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ግን ካርዴ ላይ ካሉት ጋር አይገጥሙም። ገንዘቡ የወጣው ከኔው ሂሳብ ነው። ስልኩ የካርዴን ቁጥር ካልያዘ ምንድን ነው የያዘው? ይሄስ እኔን ከምን ያድነኛል?

ወንድሜ፣ ማሽኑም አልተሳሳተም፣ የሌላ ሰው ካርድም አልተነካም። የካርድ ክፍያ ቅሬታ በሚጣራበት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ልክ እንዳንተ ደረሰኝ ይዘው እየደነገጡ የመጡ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። እንዲመቸን ካርድህ በ4417 ያበቃል፣ ደረሰኙ ላይ የወጣው ደግሞ 8052 ነው እንበልና ያንን ክፍያ ከመጀመሪያው ጀምረን እንከተለው።

ካርድህን ስልኩ ላይ የጫንክ ቀን ቁጥሩ ተመስጥሮ የካርዱ ኔትወርክ ዘንድ ሄዷል። ኔትወርክ ስል ቪዛን ወይም ማስተርካርድን ማለቴ ነው። ኔትወርኩ ካርዱን የሰጠህን ባንክ «ይሄ ካርድ እዚህ ስልክ ላይ ይጫን ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ ወዲያው ሊፈቅድ ይችላል፣ ሊከለክልም ይችላል፤ ወይም «መጀመሪያ ባለቤቱ መሆኑን ላረጋግጥ» ብሎ በመልእክት ኮድ ይልክልሃል። ሲፈቀድ ኔትወርኩ የካርድ ቁጥር የሚመስል፣ ርዝመቱም አሠራሩም እንደ ካርድ ቁጥር የሆነ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ቶክን የሚባለው ይሄ ነው፣ በ8052 የሚያበቃው። ከ4417 ተሰልቶ የመጣ ስላልሆነ የፈለገ የሒሳብ ሊቅ ቢቀመጥበት ወደ ኋላ ቆጥሮ ካርድህን አያገኘውም። ሁለቱን የሚያገናኘው መዝገብ ኔትወርኩ ጋ ተቆልፎ የተቀመጠ ነው።

ስልክህ የያዘው እንግዲህ ቶክኑን እና ከሱ ጋር የመጣ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። አይፎን ላይ እነዚህ የሚቀመጡት ሴኪውር ኤለመንት በሚባል ከሌላው የስልኩ ክፍል በተለየ ቺፕ ውስጥ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ለጥቂት ክፍያ ብቻ የሚያገለግሉ ቁልፎች ከኢንተርኔት እየተሞሉ ይመጣሉ። አንዳንድ ስልክ ለብዙ ቀን ከኢንተርኔት ተለይቶ ቆይቶ «አልከፍልም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁልፉ አልቆበት ነው። ቶክኑን ራስህ ማየት ትችላለህ። ጉግል ዋሌት ውስጥ የካርዱን ዝርዝር ስትከፍት `Virtual account number` በሚለው ስር የመጨረሻዎቹ 4 ቁጥሮች ይታያሉ፤ አይፎን ላይ ስሙ `Device Account Number` ነው። ከደረሰኙ ጋር አስተያያቸው፣ ይገጥማሉ።

አሁን ስልኩን ማሽኑ ላይ ወዳስጠጋህበት ቅጽበት እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ማሽኑ የሚከፈለውን መጠን እና ለዚያች ክፍያ ብቻ በዘፈቀደ ያወጣውን አንድ ቁጥር ለስልክህ ይሰጣል። ስልክህ ደግሞ ስንተኛ ክፍያው እንደሆነ የሚቆጥር ቆጣሪ አለው፤ ይሄ 57ኛህ ነው እንበል። መጠኑን፣ ማሽኑ በዘፈቀደ ያወጣውን ቁጥር እና 57ን በምስጢር ቁልፉ አዋህዶ አንድ ማኅተም ይሠራል። ባለሙያዎቹ ክሪፕቶግራም ይሉታል። ለማሽኑ የሚሄደው ቶክኑ፣ ቆጣሪው እና ማኅተሙ ነው፤ ቁልፉ ራሱ ከስልኩ አይወጣም። ማሽኑ የተሰጠውን ሁሉ በሱቁ ባንክ በኩል ወደ ኔትወርኩ ያሳልፋል። እዚያ ማኅተሙ ይመረመራል፤ ከገጠመ ብቻ 8052 በ4417 ተተክቶ ወደ ባንክህ ይሄዳል። ባንክህ «ይከፈል» ሲል መልሱ በመጣበት መንገድ ሲመለስ ቁጥሩ እንደገና 8052 ሆኖ ሱቁ ጋ ይደርሳል። ሱቁ 4417ን በዓይኑም አላየውም። ደረሰኙ ላይ የወጣው ሌላ ቁጥር የሆነው ለዚህ ነው።

እስቲ አሁን ሌባውን እናስገባው። ሌባው የሱቁን ኮምፒውተር ሰብሮ ገባና ያንተን ክፍያ ከነሙሉ መረጃው ቀዳ እንበል። በእጁ ያለው ቶክኑ፣ 57 የሚለው ቆጣሪ እና ያ ማኅተም ነው። ቶክኑን ወስዶ አንድ ድረ ገጽ ላይ እንደ ካርድ ቁጥር ቢጽፈው፣ ኔትወርኩ ይሄ ቁጥር ከስልክ እና ከማኅተም ጋር ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደ መሆኑን ስለሚያውቅ ይመልሰዋል። ማኅተሙንም አክሎ ሌላ ማሽን ላይ ቢሞክር ያ ማሽን ያወጣው የዘፈቀደ ቁጥር ሌላ ስለሆነ አይገጥምም። መጠኑን ቢቀይርም ማኅተሙ ይፈርሳል። እንዳለ ደግሞ ቢልከው 57 አንዴ አልፏል። አዲስ ማኅተም ለመሥራት ቁልፉ ያስፈልገዋል፤ ቁልፉ ደግሞ ስልክህ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። «ፕላስቲኩ ካርድም ቺፕ አለው፣ እሱም ማኅተም ይሠራል፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቺፑም በየክፍያው ማኅተም ይሠራል፤ ቺፑን ገልብጦ ሌላ ካርድ መሥራት አይቻልም። ነገር ግን ቺፑ ለማሽኑ የሚሰጠው ቁጥር እውነተኛው 4417 ከነማብቂያ ቀኑ ነው። ሌባው ካርዱን መገልበጥ ባይችልም ቁጥሩን ይዞ ቁጥጥራቸው ላላ ያሉ የኢንተርኔት ሱቆች ላይ ሊገዛበት ይሞክራል፤ ከጀርባ ያለውን ሦስት ቁጥር የማይጠይቁ ሻጮች አሉ። የቶክኑ ፋይዳ እዚህ ነው፤ ከሱቁ የሚሰረቅ ነገር ቢኖር እንኳ ሌላ ቦታ የሚሠራ ቁጥር አይሰረቅም። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ታርጌት የተባለው የሱቅ ሰንሰለት ሲዘረፍ 40 ሚሊዮን ያህል የካርድ ቁጥር የተወሰደው ከመክፈያ ማሽኖቹ ነበር፤ በዚያ ዘመን እዚያ ካርድ የሚነበበው በአብዛኛው ከጀርባው ካለው ጥቁር መስመር ነው፣ መስመሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያንኑ ያንኑ ነው የሚናገረው። የካርድ ኔትወርኮቹ የጋራ ድርጅት የሆነው ኢኤምቪኮ የቶክንን የጋራ ደንብ ያወጣው በቀጣዩ ዓመት በ2014 ነው፤ አፕል ፔይም የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ቶክን የማያድንበትን ልንገርህ፤ በሥራዬ የገጠመኝ እሱ ስለሆነ።

አንዲት ደንበኛ ካርዷን ከእጇ ሳታወጣ ሦስት ክፍያ ተቆርጦባት መጣች። መዝገቡን ስንከፍት ሦስቱም ክፍያ ማኅተም ያለው፣ የተመረመረ፣ ፍጹም ትክክለኛ ነው። በመጀመሪያ እሷ ራሷ የከፈለችው መሰለን። ከዚያ የካርዷን ቶክኖች ዝርዝር ስናይ ሁለት ሆነው ተገኙ፤ አንዱ የሷ ስልክ፣ ሌላው ከሁለት ቀን በፊት የተጫነ የማታውቀው ስልክ። ስንጠይቃት ነገሩ ወጣ። አንድ ሰው «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ካርድሽ ሊታገድ ነው» ብሎ ቁጥሩን አስነግሯት ኖሯል። ወዲያው በመልእክት የመጣላትን ኮድም አነበበችለት። መልእክቱ ላይ «ይህ ኮድ ካርድዎን ስልክ ላይ ለመጫን ነው» የሚል ተጽፎ ነበር፤ እሷ ግን በድንጋጤ ቁጥሩን ብቻ ነው ያየችው። ሌባው ካርዷን የራሱ ስልክ ላይ ጫነ፣ የራሱ ቶክን እና የራሱ ቁልፍ ተሰጠው፣ ሱቅ ገብቶ ከፈለ። መቆለፊያው አልተሰበረም፤ ሌባው ቁልፍ ተቀርጾ የተሰጠው ሰው ነበር። ስለዚህ የቶክን ደካማው ቦታ ካርዱ የሚጫንባት ያቺ ደቂቃ ናት፤ ያንን ኮድ ለማንም አትንገር፣ ባንክ ነኝ ለሚልህም ጭምር። ካርድህ አዲስ ስልክ ላይ ተጫነ የሚል መልእክት ሳታስበው ከመጣ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ባንክህ ጋ ደውል።

የሷ ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ፤ ቶክን ምን እንደሚጠቅም ራሱ ያሳይሃል። የሌባው ቶክን ብቻውን ተዘጋ። ሆኖም ሌባው እውነተኛውን ቁጥር ስለሰማ ፕላስቲኩም መቀየር ነበረበት። አዲሱ ካርድ እስኪታተም ቀናት ወሰደ፤ በስልኳ ግን በማግስቱ ስትከፍል ነበር። ባንኩ አዲሱን የካርድ ቁጥር ለኔትወርኩ ሲያሳውቅ መዝገቡ ላይ የሷ ቶክን ከአሮጌው ተነቅሎ ከአዲሱ ጋር ተያያዘ፤ ስልኳ ላይ ምንም አልተነካም። ስልክ ሲጠፋም በተገላቢጦሽ ነው፤ የዚያ ስልክ ቶክን ይታገዳል፣ ፕላስቲኩ ካርድ ኪስህ ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። ሁለት ስልክ ካለህ ወይም ስልክ እና ሰዓት ላይ ከጫንከው እያንዳንዱ የራሱ ቶክን አለው፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው አይነካም።

አንዲት የምታናድድ ነገር ግን አለች፤ ዕቃ ስትመልስ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በስልክ የገዛሁትን ልመልስ ሄጄ ፕላስቲኩን ሰጠሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኙን አየች፣ ካርዱን አየች፣ «ይሄ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። ከሷ አንጻር ልክ ናት፤ ለሱቁ ሥርዓት 8052 እና 4417 ሁለት የማይተዋወቁ ካርዶች ናቸው። መፍትሔው የከፈልክበትን ያንኑ ስልክ ማስጠጋት ነው። ስልክ ቀይረህ ከሆነ አዲሱ ስልክ ሌላ ቶክን ስላለው እሱም አይገጥምም፤ ያኔ «በደረሰኙ የግብይት ቁጥር ፈልጋችሁ መልሱልኝ» በላቸው። ስለዚህ ደረሰኙን አትጣለው፤ ባንክህ ጋ ስትደውልም 4417ን ብቻ ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ያለውን 8052ንም አንብብላቸው።