የጨመርኩትን ቀነስኩ ብዬ 32 ሺህ ብር ያጣሁባት ፋሲካ

ጥያቄ፦ «መግዣው ላይ 50 ፐርሰንት ጨምሬ ስሸጥ የነበረውን ዕቃ አሁን 50 ፐርሰንት ቀንሼ ልጨርሰው ነው። ትርፉ ይቅርብኝ፣ ዋናዬን ካወጣሁ ይበቃኛል። ጓደኛዬ ግን ትከስራለህ ይለኛል። የጨመርኩትን አይደል እንዴ የምቀንሰው?»

ወንድሜ፣ ማስታወቂያውን ገና ካልለጠፍከው አትለጥፈው። ጓደኛህ ልክ ነው። ምሳም ጋብዘው። እኔን እንዲህ ብሎ የሚያስቆመኝ ሰው አልነበረም፤ በእርግጥ ቢኖርም የምሰማ አይመስለኝም፣ በሂሳብ እኮራ ነበር።

ነጥብ በነጥብ ልጻፍልህ።

1. ከመቀነስህ በፊት «ከምን ላይ?» ብለህ ጠይቅ። ስትጨምር ሃምሳ ፐርሰንቱን ያወጣኸው ከመግዣው ላይ ነው። ስትቀንስ ግን የምታወጣው ከመሸጫው ላይ ነው። መሸጫው ደግሞ ካንተ ትርፍ ጋር አብጧል። ስሙ ያው ሃምሳ ይሁን እንጂ ብሩ ያው አይደለም።

አንተም እንደኔ ከበዓል የተረፈ ዕቃ ይዘህ ነው መሰለኝ። እኔ የሴት ጫማ ነበር የምሸጠው። ከአራት ዓመት በፊት ለፋሲካ ብዬ ከመርካቶ ጅምላ 120 ጥንድ አነሳሁ፣ ጥንዱን በ1,600 ብር። የ40ውን እዚያው ከፈልኩ፣ የ80ውን በዱቤ ወሰድኩ። ሃምሳ ፐርሰንት ጨመርኩበትና 2,400 ብር አልኩት። ማለትም በጥንድ 800 ብር ትርፍ።

እስከ በዓሉ ዋዜማ 40 ጥንድ ሸጥኩ። ትርፉ 32 ሺህ ብር ሆነ። እሱም አልቆየም፤ የሱቅ ኪራይ፣ በግ፣ የልጆች ልብስ። ዋናውን ደግሞ ቦርሳ አመጣሁበት።

ከፋሲካ በኋላ ገበያው ሞተ። ሰው ሁሉ ኪሱን አራግፎ ጨርሷል። የዱቤው ቀን ግን ደረሰ። ያኔ ነው ልክ አንተ ያሰብከውን ያሰብኩት። «ሃምሳ ጨምሬ ነበር፣ ሃምሳ እቀንሳለሁ፣ ዋናዬን ይዤ እወጣለሁ።» ማስታወቂያውን በቀይ አሳተምኩ። 50% ቅናሽ! እውነትም ሰው ተሰለፈ። 80ውም ጥንድ በአራት ቀን አለቀ። አንዷ ደንበኛ ስድስት ጥንድ ወስዳ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብላ መርቃኝ ሄደች። አሁን ሳስበው እውነትም መስጠት ነበር።

ማታ ገንዘቡን ቆጠርኩ። 96 ሺህ ብር። የዱቤው ዕዳ ደግሞ 128 ሺህ ነው። እንደገና ቆጠርኩ። ያው 96።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገርህ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሻጯን ነው። ሁለት ዓመት አብራኝ የሠራች ልጅ። ደብተሯን ተቀበልኩ፣ የእያንዳንዱን ቀን ሽያጭ አንድ በአንድ አስነበብኳት። ሁሉም 1,200፣ 1,200፣ 1,200። አንድም ጥንድ አልጎደለም። ልጅቷ ምንም አላለችኝም፤ ፊቷን ግን እስከዛሬ አልረሳውም።

በነጋታው ያለኝን 96 ሺህ ይዤ ወደ ጅምላ ነጋዴው ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ትምህርታቸው ስንተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ አላውቅም፣ ካልኩሌተር ሲነኩ ግን አይቼ አላውቅም። ነገሩን ስነግራቸው ከጫማ ካርቶን ክዳን ቀደዱና እስክርቢቶ አወጡ።

«በስንት ገዛህ?»
«በ1,600።»
«በስንት ሸጥክ?»
«በ1,200።»
«ታዲያ ሌባው ማነው?»

እኔም ወዲያው እጄን አልሰጠሁም። «ጋሼ፣ በፊት የሸጥኩት 40 ጥንድ 96 ሺህ አስገብቷል። የአሁኑ 80 ጥንድም 96 ሺህ። ሲደመር 192 ሺህ ነው። የ120 ጥንድ መግዣውም 192 ሺህ ነው። ይኸው ወደ መነሻዬ ተመልሻለሁ» አልኳቸው። ሂሳቡ እውነትም ይገጥማል፣ ደምረህ እየው። ሳቁ። ገጠመብህ እንጂ አልተመለስክም አሉኝ። በጥንድ 800 ያተረፍኩት በ40ው ላይ ነው፤ በጥንድ 400 የከሰርኩት በ80ው ላይ ነው። ኪሳራው የትርፉ ግማሽ፣ የከሰርኩበት ጫማ ብዛት ደግሞ ያተረፍኩበት እጥፍ ሆነና ተካካሰ። በዓሉ ላይ 40 ሳይሆን 20 ብቻ ሸጬ ቢሆን ኖሮ 100ውን እያንዳንዳቸውን በ400 ኪሳራ እሸኛቸው ነበር።

ከዚያ ካርቶኑ ላይ 2,400ን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ክፍል 1,600፣ መግዣው። ሌላው 800፣ ትርፉ። «አንተ ትርፌን ልተው ብለሃል። ግማሽ ዋጋ ስትል ግን ቢላው በሁለቱም ላይ ነው የሚያልፈው» አሉኝ። የትርፉ ግማሽ 400 ሄደ። የመግዣው ግማሽ 800ም አብሮ ሄደ። የቀረው 1,200 ነው። ይህ ለኔ ከየትኛውም አስተማሪ የተሻለ ነበር። ትምህርት ቤት ፐርሰንትን ያስተማሩኝ ሰውዬ ቀመሩን በቃል ያስይዙን ነበር እንጂ ከምን ላይ እንደሚወጣ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

2. ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም። አንዳንድ ሰው «መጨረሻ ላይ ስለቀነስክ ነው፣ መጀመሪያ ቀንሰህ ኋላ ብትጨምር ትመለስ ነበር» ይላል። ውሸት። 1,600 ሲቀነስበት 800፣ በ800ው ላይ ሃምሳ ፐርሰንት ሲጨመር 1,200። ያው ናት። በካልኩሌተር 1.5 በ0.5 ስታባዛ 0.75 ይሰጥሃል፤ ብታገላብጠውም 0.75 ነው። ሩቡ የለም።

ይህንንም በራሴ ላይ ነው ያየሁት። በዚያው የቅናሽ ሳምንት ቦርሳዎቹንም ከ2,000 ወደ 1,000 አውርጃቸው ነበር። ቅናሹ ሲያልቅ ልጅቷን «ሃምሳ ፐርሰንቱን መልሺበት» ብያት ወጣሁ። ስመለስ 1,500 ለጥፋበታለች፣ ሦስት ቦርሳም ተሸጧል። ልጮህባት ስል «ከ1,000 ላይ ሃምሳ ፐርሰንት 500 አይደል?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ግማሹን የወረደ ዋጋ ወደነበረበት የሚመለሰው መቶ ፐርሰንት ሲጨመርበት ነው። እኔ ልል የፈለግኩት «የድሮውን ዋጋ ለጥፊ» ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ውስጥ በፐርሰንት ትዕዛዝ የለም፣ በብር ብቻ።

3. ታዲያ ስንት ልቀንስ ለምትለው፣ ትርፍህን ለመሸጫው አካፍል። 800 ለ2,400 ሲካፈል አንድ ሦስተኛ፣ 33 ፐርሰንት ከምናምን ነው። ዋናህን ይዘህ የምትወጣበት ጫፍ ያ ነው። ከዚያ ያለፈው ከኪስህ ነው። 25 ፐርሰንት ጨምረህ ከነበረ ጫፍህ 20 ነው። እጥፍ አድርገህ ከነበረ ብቻ ነው ግማሽ ዋጋ የማያከስርህ። ትልልቆቹ ሱቆች 50 ፐርሰንት ቅናሽ ሲሉ አይተህ ከሆነ፣ መጀመሪያ ስንት እንደጨመሩበት አታውቅም።

«እስከዛሬ ስቀንስ ስጨምር ኖሬ እንዴት አልታወቀኝም?» ትል ይሆናል። ትንሽ ፐርሰንት ስለሚደብቀው ነው። በ1,600ው ላይ አሥር ፐርሰንት ብትጨምር 1,760 ነው። አሥር ስትቀንስ 1,584። የጠፋው 16 ብር ነው፣ ለታክሲ ብለህ ትረሳዋለህ። ፐርሰንቱ አምስት እጥፍ ሲያድግ ግን ጉድለቱ አምስት እጥፍ ብቻ አያድግም፣ ሃያ አምስት እጥፍ ነው፤ 16ቱ 400 ይሆናል። እኔ ለዓመታት አምስትና አሥር እየቀነስኩ ምንም ሳልሆን ኖሬ ነው በሃምሳው የተያዝኩት።

4. ቫት። ስለ ቫት አልጠየቅከኝም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። ተመዝጋቢ ከሆንክ ይህችው ስህተት በሌላ ልብስ ትመጣብሃለች። ቫት 15 ፐርሰንት የሚታሰበው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። እኔ ግን በአንድ ወር ቫትን ጨምሮ 230 ሺህ ብር ሸጬ የ230ውን 15 ፐርሰንት አወጣሁና 34,500 ብዬ ሞላሁ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ 30 ሺህ ይላል። ግብር ቢሮው መስኮት ጋ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ወረወረችልኝ። «ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ና» አለች። ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ብትነግረኝ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም። ሦስት ቀን አመላለሰችኝ። በሦስተኛው ቀን ወረፋ ላይ እያለሁ የጋሼ ካርቶን ትዝ አለኝ። 230ው አብጦ የመጣ ቁጥር ነው። 15 ፐርሰንቱ የተጨመረው በ200 ላይ ነው። ለ1.15 ማካፈል ነው እንጂ 15 ፐርሰንት መቀነስ አይደለም። እዚያው ቆሜ አስተካክዬ ሰጠኋት። ቀና ብላም አላየችኝ፣ ማህተሟን መታች።

የጋሼን 32 ሺህ በሦስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ፣ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ዛሬ ሁለት ሱቅ አለኝ። አንዱን የምትመራው ያቺው ልጅ ናት። ይቅርታ ጠይቄያት ነው፣ ዝም ብላ አልቀረችም።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታታው። ከመግዣ በታች መሸጥ ሁልጊዜ ሞኝነት ነው እያልኩ አይደለም። ፋሽኑ ያለፈበት ጫማ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ በ1,200 ሄዶ ሌላ ዕቃ ቢመጣበት ይሻላል። እኔም አደርገዋለሁ። ያኔ ግን በጥንድ 400 እንደምከስር አውቄ፣ ስንት ጥንድ እንደምለቅ ወስኜ፣ ዱቤው ከየት እንደሚከፈል አስቤ ነው። አንተ ግን «ዋናዬን ካወጣሁ» ብለሃል፤ በ50 ፐርሰንት አታወጣውም።

የዕቃህን መግዣ በብር ጻፍልኝና የትኛው ቅናሽ ላይ እንደምትቆም ልንገርህ። ማጓጓዣ ከፍለህበት ከሆነ እሱንም መግዣው ላይ ደምረህ ላክ፤ እኔ ያኔ የጫኝና አውራጁን አልደመርኩም ነበር።