ወርቁም ሳይሸጥ፣ ልጁም ሳይባረር

«ታናሽ ወንድሜ በቤቲንግ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ባጃጅ ነው የሚሠራው። 60 ሺህ ብር ነው ይላል። እናታችን ወርቋን ሸጣ ልትከፍልለት ነው፤ አባታችን ደግሞ ከቤት ይውጣ ብሏል። የምንኖረው ጎንደር ነው። ሳንከፍልለትም፣ ሳናዋርደውም ምን ማድረግ እንችላለን?»

እህቴ፣ ወርቁ ለጊዜው ባለበት ይቀመጥ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ዝርዝር ነው። በራሱ እጅ የተጻፈ፣ የእያንዳንዱ አበዳሪ ስምና መጠን ያለበት ዝርዝር።

እኔ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። የማወራሽ ግን የአጎቴን ልጅ ነገር ነው። እሱም ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ሲመላለስ ይውላል። አጎቴ አንድ ጊዜ ሙሉውን ከፍሎለት ነበር። ከዚያ «ቤተሰቡ ይከፍላል» ተባለና አበዳሪው በዛ። ልጁም ዕዳው ሲጠራለት፣ የተበላውን ለማስመለስ አዲስ ቲኬት መቁረጥ ጀመረ። ቤቲንግ የሚጫወት ሰው ሁልጊዜ «አንዷ ጨዋታ ናት ያበላሸችብኝ» ይልሻል። ባዶ የሆነ የዕዳ መዝገብ ለእሱ እንደገና መበደር የሚቻልበት መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ 50 ሺህ ነው አለን። ሲዘረዘር 118 ሺህ ሆነ። መዋሸት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የሚያስጨንቀውን ብቻ ቆጥሮ የማያስጨንቀውን ረስቶት ነው። ጓደኛ ስለማይጮህ አይቆጠርም። ስለዚህ ታላቅ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ የቴሌብር ዝውውሩን ከስልኩ ላይ ወደ ኋላ እያዩ ስም በስም አወጡት። ከዚያ ራሱ ደውሎ «ስንት ነው ያለብኝ? ከዛሬ በኋላ አታበድረኝ» አለ። እሷ ስትሰማ ነው የደወለው። ያለ እሱ ፈቃድ አበዳሪ ዘንድ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ግን ቀጣዩን ዕዳ ይደብቃችኋል።

ዝርዝሩ እንዲህ ነበር። 40 ሺህ የእቁብ፤ ዕጣው ቀድሞ ወጥቶለት በልቶታል፣ በየሳምንቱ 2 ሺህ ለ20 ሳምንት ይቀረዋል፣ ዋሱ አጎቴ ነው። 30 ሺህ የአራጣ፣ በወር 10 በመቶ። 20 ሺህ ለባጃጁ ባለቤት ያላስገባው የቀን ገቢ። 23 ሺህ የጓደኞች። 5 ሺህ የሰፈር ሱቅ ዱቤ።

አሁን ሁሉም እኩል አይደለም። የእቁቡ ዕዳ አስፈሪ ይመስላል እንጂ ጊዜ አለው፤ በየሳምንቱ እስከተጣለ ድረስ ዋሱን ማንም አይጠይቀውም። ጓደኞችና የባጃጁ ባለቤት ጥቂት ጥቂት ካዩ ይታገሣሉ። የማይታገሠው አራጣው ብቻ ነው፤ ቁጭ ባለ ቁጥር ያድጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ እጁን የሚያስገባው እሱ ላይ ብቻ ነው።

አራጣው ላይ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። የእኛ ልጅ የተቀበለው 30 ሺህ ነበር፤ ውሉ ላይ ግን 42 ሺህ ተብሎ ነው የተጻፈው። ወለዱን ዋናው ላይ ጨምረው ያስፈርማሉ፣ የተለመደ ነው። አጎቴ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ልጁ አራት ወር ወለድ ከፍሏል፣ 12 ሺህ ብር። ሽማግሌዎቹ «የተከፈለው ከዋናው ይቀነስ፣ ቀሪውን 18 ሺህ ዛሬ እንቁጠርልህ፣ ወረቀቱን መልስ» አሉት። አራጣ ማበደር በወንጀል እንደሚያስቀጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉም የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ እንደማይችል ሰውዬው ያውቃል። ማስፈራራት አላስፈለገም። ትንሽ አጉረምርሞ ተስማማ። ብሩ የተሰጠው ለሰውዬው በእጁ ነው፣ ለልጁ አይደለም፤ የፈረመበት ውልም እዚያው ተቀደደ። ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመ ወይም ቼክ የሰጠ ከሆነ ግን ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ያ 18 ሺህም ስጦታ አልነበረም። ዝርዝሩ ግርጌ ላይ የቤተሰብ ዕዳ ተብሎ ተጻፈ፤ የሚከፈለውም መጨረሻ ላይ ነው።

የቀረውን የሚከፍለው ራሱ ነው። ነዳጅና የባለቤቱ ገቢ ከወጣ በኋላ በሳምንት 3,600 ገደማ ይቀረዋል። 2 ሺህ እቁብ፣ 600 ለዕዳ፣ 1 ሺህ ለራሱ። የሚበላውና የሚያድረው ቤት ነው። ለአባትሽ ይህንን አሳዪው፤ ከቤት የወጣ ቀን ያቺ 600 በቤት ኪራይ ትበላለች። ከ600ው መጀመሪያ ሱቁ ተዘጋ፣ ምክንያቱም እናቱ እዚያ ዱቤ ትወስዳለች። ከዚያ የባጃጁ ባለቤት። እቁቡ ሲያልቅ 2 ሺህ ነፃ ይወጣል፤ እኔ በጣም የፈራሁት ያንን ሳምንት ነበር። ድንገት ኪስ ይሞላል። ስለዚህ ገና ሲጀመር 2 ሺው ወደ ቀሪው ዕዳ እንዲያልፍ ተጻፈ። እንዲህ ሲሄድ ሁሉም በ41 ሳምንት ገደማ ያልቃል።

ስልኩን ነጥቃችሁ፣ የቴሌብር ቁጥሩን ወስዳችሁ ለማስቆም አትሞክሩ። ሌላ ሲም ያወጣል፣ አለቀ። የቤቲንግ አካውንቱን ራሱ ይዝጋ። የባጃጅ ሥራ ግን ጥሬ ብር ነው፣ ቲኬትም በጥሬ ብር ይቆረጣል፤ ዋናው በር እዚያ ነው። የኛው በየማታው የዕለቱን ብር ለእህቱ ይሰጣት ነበር፣ እሷ ትከፋፍላለች። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ የእንግሊዝ ጨዋታ በሚበዛበት ጊዜ፣ ባጃጁን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ከአጎቴ ጋር ግቢ ውስጥ ይሠራል። ዝርዝሩን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለእድር፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ የሚነገር ነገር የለም። ሰርግ ላይ «ቁማርተኛው» ብሎ የሚቀልድ አጎት ካላችሁ ከአሁኑ አፉን ያዙልኝ።

ሲያንሸራትተው ምን እንደምትሉ ቀድማችሁ ተስማሙ። ሁለተኛው ወር ላይ 1,500 ብር ተበላና ራሱ መጥቶ ተናገረ። አልተጮኸበትም፣ አልተሞላለትም። የሳምንቱ የኪስ ብሩ ቀረ፤ የጎደለው ደግሞ በቀጣዩ ሳምንት ተያዘበት። ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሰው በር ላይ መጥቶ ሲጠይቅ፣ ስልኩን አንሥቶ ደጅ ወጥቶ ማውራት ሲያበዛ፣ ወይም የማታው ብር በየቀኑ እኩል ሲሆን (የባጃጅ ገቢ እኩል አይሆንም) ያኔ ዝርዝሩ እንደገና ይከፈታል።

አንድ ነገር ብቻ አይቆይም። «ብሞት ይሻላል» የሚል ነገር ካለ፣ ወይም ዕቃውን ለሰው እየሰጠ ዝም ካለ፣ «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ ዕዳው ይቆይና ያንኑ ቀን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት።

አሁን ዛሬ ማታ የምትጀምሪው በእቁቡ ነው፤ ካለበት ስንት ዙር እንደቀረና ዋሱ ማን እንደሆነ ጠይቂው። ለእናትሽም «ወርቁን ለመሸጥ ዝርዝሩ ተጽፎ እስኪያልቅ ጠብቂ» በያት። ያለ ወረቀት ለማን እንደምትከፍል እሷም አታውቅም።