ጥቁር ጂንስም ጂንስ ነው

«ሰኞ ባንክ ሥራ እጀምራለሁ። የላኩልኝ ደብዳቤ ላይ አለባበስ ቢዝነስ ካዡዋል ይላል። ጥቁር ጂንስ ከንጹህ ነጭ ስኒከር ጋር ያስኬዳል? ወይስ ሙሉ ሱፍ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ጂንሱንም ስኒከሩንም ቤት ተዋቸው። ሱፉንም አሁን አትግዛ። ቢዝነስ ካዡዋል ማለት ከሁለቱ መሃል ያለ የሥራ አለባበስ ነው። እኔም ልክ እንዳንተ አስቤ ነው የተቃጠልኩት።

1. ሱሪ። የመጀመሪያ ቀን የለበስኩት ጥቁር ጂንስ አዲስ ነበር። አልተቀደደ፣ አልነጣ። ከሩቅ የጨርቅ ሱሪ ይመስላል ብዬ ተማምኛለሁ። የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ ግን ከሩቅ አልነበረችም። ወረቀት እያስፈረመችኝ አንዴ ወደ ኪሴ አየት አደረገችና «ጂንስ ነው አይደል?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያን ቀን ደንበኛ ፊት አልቀርብም ተባለ። አብረውኝ የጀመሩት ልጆች መስኮት ላይ ሥራ ሲለምዱ እኔ ጓዳ ገብቼ ፎርም ስደረድር ዋልኩ። «ጂንስ አይቻልም» ብሎ ደብዳቤው ላይ መጻፍ ምን ያቅታል? አንድ መስመር ናት!

እንዴት እንደለየችው የገባኝ ቆይቶ ነው። የጂንስ የኋላ ኪስ ከላይ ተለጥፎ የተሰፋ ነው። የጎንና የኪስ ስፌቱ ወፍራምና ድርብ ሆኖ ይታያል። የፊት ኪሱ ጥግ ላይም ብዙ ጊዜ ትንሽ ክብ ብረት ተመትታለች። ጥቁር መሆኑ አንዱንም አይደብቅም። ቺኖ የሚባለው የጥጥ ሱሪ ወይም የጨርቅ ሱሪ ግን የፊት ኪሱ ሰያፍ ነው፣ የኋላው ወደ ውስጥ የተሰፋ ነው፣ ክሩም ዓይን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስትገዛ ከቀለሙ በፊት ኪሱን እይ። አንድ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንድ ግራጫ ይበቃሃል።

2. ኮት። ብዙ ቦታ በየቀኑ ግዴታ አይደለም፤ ወንበርህ ላይ ተሰቅሎ ቢውል ግን ድንገት ስብሰባ ሲጠሩህ ያድንሃል። እዚህ ላይ ነው ትልቁን ኪሳራ የከሰርኩት። ከጂንሱ ውርደት በኋላ ደንግጬ፣ ያለኝን አንድ ጥሩ ሱፍ ኮቱን ብቻ ነጥዬ በቺኖ ላይ መልበስ ጀመርኩ። አንደኛ፣ አያምርም። የሱፍ ኮት ጨርቁ ለስላሳና አብረቅራቂ ስለሆነ ከሌላ ሱሪ ጋር ሲሆን ሱሪው የጠፋበት ሰው ትመስላለህ። ሁለተኛው ይብሳል። ወራት አለፉ፤ ኮቱ በየጊዜው ላውንደሪ ይገባል፣ ሱሪው ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ሰርግ ተጠርቼ ሁለቱን አንድ ላይ ስለብሳቸው ሁለት ዓይነት ጥቁር ሆነው አረፉት! ሙሉ ሱፌ እንደዚያ ቀረ። ሱፍ ካለህ ወይ ሁለቱንም ልበስ፣ ወይ ሁለቱንም ስቀል።

ለብቻው እንዲለበስ የሚሰራው ብሌዘር የሚባለው ነው። ጨርቁ ሻከር ይላል፣ ትከሻው ለስለስ ያለ ነው፣ ቁልፉም ብዙ ጊዜ ከጨርቁ በቀለም ይለያል። ጥቁር ሰማያዊ ከግራጫው ሱሪ ጋር ይሄዳል። አዲስ ከሆነ ከኋላ ስንጥቁ ላይ በክር የተሰፋች የኤክስ ምልክት አለች፤ በመቀስ ቆርጠህ አውጣት። እጅጌው ላይ የተሰፋውን ስም ጨምረህ። እሱ ለሱቁ እንጂ ላንተ አይደለም። አንዱን አለቃ የመሰለ ጎረምሳ ኤክሱን ይዞ ሲዞር አግኝቼ ደረጃ ላይ ራሴ ቆርጨለታለሁ። እስካሁን ያመሰግነኛል።

3. ሸሚዝ። ክራባት ከሌለ ኮሌታው ኮቱ ስር ተኝቶ ይጠፋል። ጫፉ በትንሽ ቁልፍ የሚያዝ ኮሌታ ከሆነ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደግሞ ርዝመቱን ሞክር። ሱሪው ውስጥ ክተተውና ሁለት እጅህን ወደ ላይ አንሳ፤ ከወጣ አትግዛው። መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ስትጎነበስና ስትንጠራራ ነው የምትውለው። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አጭር ሸሚዝ ውጭ እንዲውል የተሰፋ ነውና ለአንተ አይሆንም። ቲሸርት አይታሰብም፤ ፖሎውንም ሌሎች ሲለብሱ እስክታይ አቆየው።

ጫማ የቆዳ፣ ቀበቶ በጫማው ቀለም፣ ካልሲ ስትቀመጥ ቆዳህን የማያሳይ። አለቀ።

የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ክራባት ቦርሳህ ውስጥ ትኑር። ደግሞ ማንን እንደምታይ ዕወቅ። ኮምፒውተር ክፍል ያሉት ዓርብ ጂንስ ሊለብሱ ይችላሉ፤ እነሱ ጋ ደንበኛ አይመጣም። አንተ ከጎንህ መስኮት ላይ የተቀመጠውን ሰው ተከተል።

ያቺ ሴትዮ ዛሬ አዲስ ወንድ ሲቀጠር «አለባበሱን እሱን ጠይቁት» ብላ ወደ እኔ ትልካለች። ደብዳቤውን ግን እስካሁን አላስተካከለችውም።