«ማን እንደጻፈው ታውቃላችሁ» ለሚሉ ሠራተኞች ግብዣ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ለ60 ሠራተኞች ስም የማይጠየቅበት መጠይቅ ልንልክ ነው። ባለፈው ከግማሽ በታች ናቸው የመለሱት፤ ‹ማን እንደጻፈው ታውቃላችሁ› ይላሉ። ግብዣው ላይ ምን ብዬ ብጽፍ ያምኑኛል?»

መልስ፦ ከደብዳቤው በፊት ፎርሙን ይፈትሹ። እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። ሠራተኛው ሲጠራጠር ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

የምትጠቀሙት Google Forms ከሆነ Collect email addresses የሚለው Do not collect ላይ ይሁን። Limit to 1 response የሚለውንም ያጥፉት። እሱ ከበራ ሰውየው በጉግል አካውንቱ ካልገባ መመለስ አይችልም። ኢሜይሉ ለእናንተ ባይታይም፣ «መጀመሪያ ግባ» የተባለ ሰው ማንነቴ አይታወቅም ብሎ አያምንም። ሲጠፋ አንድ ሰው ሁለቴ ሊመልስ ይችላል፤ እኔ ግን ይሄኛው ይሻለኛል። ሊንኩም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ለእያንዳንዱ የተለየ ሊንክ ከተላከ ማን እንደመለሰ መከታተል ይቻላል። ያኔ ማለት የሚቻለው «ምስጢርዎን እንጠብቃለን» እንጂ «ማንነትዎን አናውቅም» አይደለም።

ሰው በብዛት የሚጋለጠው ግን ስሙን ስለተጠየቀ አይደለም። ፋይናንስ ክፍል 4 ሰው አለ እንበል፤ ከአራቱ ሴት አንዷ ብቻ ናት። ፎርሙ ክፍልና ፆታ ከጠየቀ የእሷ መልስ ስሟ እንደተጻፈበት ነው። የአገልግሎት ዘመን ሲጨመርማ ሌሎቹ ሦስቱም ሊለዩ ይችላሉ። ስለዚህ ክፍልን ብቻ ይጠይቁ። ከ5 ሰው በታች የመለሰበትን ቡድን ውጤትም ለብቻው አያውጡ። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ወለል 5 ነው፤ 10 የሚያደርጉም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የፋይናንስን ውጤት ደብቃችሁ የጠቅላላውንና የሌሎቹን ክፍሎች አማካይ ከነመላሾቹ ብዛት ካወጣችሁ፣ የተደበቀው በመቀነስ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ መደበቁ አይበቃም። ፋይናንስን፣ ግዥንና አስተዳደርን ከመጀመሪያው «ድጋፍ ሰጪ ክፍሎች» በሚል አንድ ምርጫ አዋህዷቸው።

ይህ ካለቀ ደብዳቤው ራሱ ከባድ አይደለም። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ውድ ባልደረቦች፣ የፈረቃ ፕሮግራሙን ልንቀይር አስበናል። ከመወሰናችን በፊት አሁን ያለው የቱ ጋ እንደሚያስቸግራችሁ ማወቅ እንፈልጋለን። ጥያቄዎቹ 12 ናቸው፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። ስም፣ ኢሜይልና ፆታ አንጠይቅም። የምንጠይቀው የሥራ ክፍልን ብቻ ነው፤ ትንንሾቹን ክፍሎችም አንድ ላይ አድርገናቸዋል። መልሶቹን እንዳሉ የሚያዩት ከሰው ሀብት ክፍል ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለኃላፊዎች የሚደርሰው የተጠቃለለው ውጤት ነው። መመለስ ግዴታ አይደለም። መጠይቁ የሚዘጋው ከዛሬ ጀምሮ በ15ኛው ቀን፣ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ውጤቱን ለሁላችሁ እናሳውቃለን።»

ዓላማው ላይ «የሥራ አካባቢያችንን ለማሻሻል» ብሎ ማለፍ አይሠራም። ያንን ሁሉም ሰምቶት ሰልችቶታል። የትኛው ውሳኔ እንደሚጠብቅ በስሙ ይጥሩት። ደመወዝ የማይነካ ከሆነ ያንንም በግልጽ ይናገሩ፤ አለዚያ ግማሹ አስተያየት እሱ ላይ ያልቃል።

አስተያየት መጻፊያው ሳጥን ለብቻው ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ሰው አጻጻፉ ያጋልጠዋል፤ «ባለፈው ስብሰባ ላይ እንዳልኩት» ብሎ የጀመረማ አለቀለት። ስለዚህ ከሳጥኑ በላይ «ማንነትዎን የሚያሳውቅ ነገር አይጻፉ» የሚል መስመር ያስገቡ። አስተያየቶቹ ለኃላፊ የሚሄዱት ቃል በቃል ነው ወይስ በጭብጥ ተጨምቀው? ደብዳቤው ላይ ይጻፉት። እኔ በጭብጥ ይሁን ባይ ነኝ። መልሱ የተላከበትን ሰዓት የሚያሳየው Timestamp የሚለው ዓምድም የመልሶቹ ሠንጠረዥ ለሌላ ሰው ከመተላለፉ በፊት ይሰረዝ። አንዱ «አሁን ሞልቼ ጨረስኩ» ብሎ ለባልደረባው ከነገረ ሰዓቱ ይበቃል።

መዝጊያው ቀን ከነሰዓቱ ይጻፍ። ለ60 ሰው ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ የወር ሒሳብ ከሚዘጋበት ሳምንት ግን ያርቁት። ከመዘጋቱ ሁለት ቀን በፊት ለሁሉም አንድ ማስታወሻ ይላኩ፤ «ከመለሱ እናመሰግናለን፤ ካልመለሱ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ጊዜ አለዎት» የሚል። ላልመለሱት ብቻ ከተላከ ግን «ይኸው! ያውቃሉ» ይባላል። እውነትም ነው። የክፍል ኃላፊዎችም «መልሰሃል?» እያሉ እንዳይዞሩ አስቀድመው ይንገሯቸው። ቀኑን ማራዘምም አልወድም። አንዴ ከተራዘመ በሚቀጥለው ጊዜ የመዝጊያ ቀን ብላችሁ የምትጽፉትን ማንም አያምነውም።

ከመላክዎ በፊት ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጠራጣሪውን ሠራተኛ ይፈልጉና ፎርሙን በሙከራ ያስሞሉት። ሲጨርስ ሠንጠረዡን ከፍተው አብረው ይዩት። እሱ የሚጠይቅዎት ጥያቄ ደብዳቤው ላይ የጎደለው ነገር ነው።